«አሳ አሰራር» ወይስ «የአሳ ዱለት አሰራር»? ለቪዲዮ ርዕስ ዋና ኪወርድ ስለመምረጥ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሀዋሳ ነው። የምግብ ቻናል ከፍቼ እየሰራሁ ነው። ባለፈው የአሳ ዱለት ሰርቼ ‹እጅ የሚያስቆረጥም የሀዋሳ አሳ በቤታችን!! ዋው› ብዬ ለቀቅኩት። ከጓደኞቼ ሌላ ያየው የለም ማለት ይቻላል። አንዱ ‹ርዕሱ ላይ አሳ አሰራር የሚለውን አስገቢ፣ ብዙ ሰው የሚፈልገው እሱን ነው› አለኝ። ሌላው ታግ ሙዪ ይላል። ዋናውን ኪወርድ በምን ልምረጥ? ዩቲዩብ ላይ መጻፍ ስጀምር የሚወርደውን ጥቆማም የሌሎችን ቪዲዮም አያለሁ፣ ግን ምን ማየት እንዳለብኝ አላውቅም።»

ታጉን በቅድሚያ እናንሳው፣ ቶሎ ያልቃል። ዩቲዩብ ራሱ በእገዛ ገጹ ላይ ታግ ቪዲዮ እንዲገኝ በማድረግ በኩል ያለው ድርሻ ትንሽ ነው ይላል። በተለይ የሚጠቅመው ሰው አዘውትሮ አሳስቶ የሚጽፈው ቃል ሲኖር ነው። ስለዚህ ታግ ስለሞላሽ ይህ ቪዲዮ አይነሳም። ታጎቹን ዲስክሪፕሽን ውስጥ መደርደር ደግሞ ጭራሽ ከዩቲዩብ ደንብ ጋር ያጋጭሻል፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው ያደርገዋል። ታግ የሚጠቅመን አንድ ቦታ አለ፣ ስለ ፊደል ሳወራ እደርስበታለሁ።

ችግሩ ያለው ርዕሱ ላይ ነው። እስቲ ደግመሽ አንብቢው። ዱለት የሚለው ቃል የለም! የሰራሽውን ምግብ ስም አልጻፍሽውም። ዱለት የፈለገ ሰው በምን በኩል ያገኝሻል? «እጅ የሚያስቆረጥም» ሲነገር ደስ ይላል፣ ግን ነገ ለምሳ ምን ልስራ ብሎ ስልኩን ያነሳ ሰው እሱን አይጽፍም። የሚጽፈው የምግቡን ስም ነው፣ ከኋላው «አሰራር» ይጨምርበታል።

«የሀዋሳ አሳ» የሚለው ደግሞ የሚጠራው ሌላ ሰው ነው። ለእረፍት ሀዋሳ ሊመጣ ያሰበ፣ አሞራ ገደል ያለውን የአሳ ገበያ ማየት የሚፈልግ፣ ሀይቁ ዳር የት እንደሚበላ የሚያጣራ ሰው ነው እንዲህ ብሎ የሚጽፈው። ያ ሰው ጀልባና አሳ አጥማጅ ጠብቆ መጥቶ ሽንኩርት ስትከትፊ ቢያገኝሽ ወዲያው ይወጣል። ይህ ቻናልሽን ይጎዳዋል፣ ምክንያቱም ዩቲዩብ የፍለጋ ውጤት ሲደረድር የርዕሱን ከፍለጋው ጋር መገጣጠም ብቻ ሳይሆን በዚያ ፍለጋ የገቡ ሰዎች ቪዲዮውን ምን ያህል እንደተመለከቱትም ያያል። አንድ ቃል ብዙ ሰው ስለጻፈው ብቻ አይጠቅምሽም። የጻፈው ሰው ምን ፈልጎ እንደሆነ ማወቅ አለብሽ።

የ«አሳ አሰራር» ምክርም የሚወድቀው እዚሁ ላይ ነው። ብዙ ሰው ይጽፈዋል የሚለው ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ከጻፉት ውስጥ ጥብስ የሚፈልግ አለ፣ ወጥ የሚፈልግ አለ፣ ጉላሽ፣ ሾርባ፣ ለብለብ የሚፈልግም አለ። አንቺ ያለሽ ዱለት ብቻ ነው። ስለዚህ ዋና ኪወርድ ስል፣ ሰው የፍለጋ ሳጥኑ ላይ የሚጽፈው ሆኖ ያንቺ ቪዲዮ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመልሰው አንድ ሐረግ ማለቴ ነው። ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ሰው የማይጽፈው ከሆነ የሚያገኝሽ የለም፣ ቪዲዮሽ የማይመልሰው ከሆነ ደግሞ ያገኘሽ ሰው አይቆይም።

ወደ ጥቆማው እንሂድ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥቆማውን በራሱ አካውንት ገብቶ በማየቱ ነው። ቀኑን ሙሉ የአሳ ቪዲዮ ስታዪ ከርመሽ «አሳ» ብለሽ ብትጽፊ የሚመጣልሽ ያንቺው ታሪክ ነው። ከጥቆማው ጎን የሰዓት ምልክት ካለ እሱ አንቺ ራስሽ በፊት የፈለግሽው ነው፣ አትቁጠሪው። ስለዚህ በስልክሽ ዩቲዩብ ላይ ኢንኮግኒቶውን አብሪ፣ ወይም ብሮውዘር ላይ በኢንኮግኒቶ ክፈቺው። አካባቢው ኢትዮጵያ መሆኑንም እዪ፣ ጥቆማ እንደ አገሩና እንደ ቋንቋው ይለያያል።

ከዚያ ቀስ ብለሽ ጻፊ። «የአሳ» ብለሽ ቁሚና የሚወርደውን ዝርዝር ወረቀት ላይ ገልብጪ። ቀጥሎ «የአሳ ዱ» በዪ። ቀጥሎ «የአሳ ዱለት»፣ ከዚያ ክፍተት ጨምሪ። ከዚያ ሁሉንም አጥፍተሽ ያለ «የ» ሞክሪው፣ «አሳ ዱለት»። በአማርኛ የምግብ ፍለጋ ብዙ ጊዜ በዋናው ግብዓት ይጀምርና በምግቡ ዓይነት ቀጥሎ «አሰራር» ላይ ያልቃል። ይህ ለኛ ይመቻል፣ «የአሳ» ላይ ስትቆሚ ሰዉ ወዴት ወዴት እንደሚሄድ ቅርንጫፉን ታዪዋለሽ። ከ«የአሳ» በኋላ የፊደል ገበታውን ተከትለሽ አንዳንድ ፊደል ብትጨምሪ፣ ለ ብትዪ ለብለብ፣ ጉ ብትዪ ጉላሽ፣ ሾ ብትዪ ሾርባ ይመጣ እንደሆነ ትፈትሻለሽ። የሚመጣውንም የማይመጣውንም መዝግቢ።

ጥቆማ ምን ይነግርሻል? ሰዎች ያንን ሐረግ እንደጻፉት ይነግርሻል። ስንት ሰው እንደጻፈው ግን አይነግርሽም። ከላይ የመጣው ከታች ካለው ይበልጣል ብለሽም አትደምድሚ። እኔ የማየው ስንት ፊደል ስጽፍ እንደመጣ ነው። «የአሳ» ብቻ ብለሽ «የአሳ ዱለት አሰራር» ከወረደልሽ ጠንካራ ምልክት ነው። «የአሳ ዱለት አሰ» እስክትዪ ድረስ ካልመጣ ደካማ ነው። ሙሉውን ጽፈሽም ምንም ካልመጣ ሰው አይጽፈውም ብሎ መጠርጠር ይቻላል፣ ግን አማርኛ ላይ ተጠንቀቂ። በአማርኛ የሚደረገው ፍለጋ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ ጥቂት ስለሆነ፣ ሰው እየጻፈው ጥቆማ ውስጥ ያልገባ ሐረግ ይኖራል። ስለዚህ የመጣ ጥቆማ ማስረጃ ነው፣ ያልመጣው ግን የለም ማለት አይደለም። ያንን የምታጣሪው በሁለተኛው ፍተሻ፣ በተወዳዳሪ ቪዲዮዎች ነው።

ከዚህ በኋላ ከወረቀቱ ላይ ሦስት ሐረግ አስቀሪ። ያንቺን ቪዲዮ ይዘን እንስራው። አንደኛው «የአሳ አሰራር»። ሁለተኛው «የአሳ ዱለት አሰራር»። ሦስተኛው «የቆሮሶ ዱለት»፣ ምክንያቱም ሀዋሳ ላይ እንደ አብዛኛው ሰው ቆሮሶ በሚባለው የአሳ ዓይነት ሰርተሽው ይሆናል፣ ይህንንም ለማስገባት ሊያምርሽ ይችላል። እያንዳንዱን ሙሉውን ጽፈሽ ፈልጊና የመጀመሪያዎቹን አስር ቪዲዮዎች ብቻ እዪ። ማስታወቂያውንና ሾርቱን እለፊ።

አስሩ ላይ የማየው አራት ነገር ነው። ርዕሱ ሐረጉን ይዟል ወይ? ቪዲዮው በእርግጥ ስለዚያ ነው ወይ? መቼ ነው የተለቀቀው? ቻናሉ ምን ያህል ነው፣ ቪዲዮውስ ከቻናሉ ሌሎች ቪዲዮዎች ጋር ሲተያይ ምን ያህል ታየ? የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ስለሱ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ሰው የሚያየው የእይታውን ቁጥር ብቻ ነው።

አንድ ቪዲዮ መቶ ሺ ጊዜ ታየ ማለት ያ ቃል ይፈለጋል ማለት አይደለም። ቻናሉ ትልቅ ከሆነ ምንም ቢለቅ ሰብስክራይበሩ ያይለታል። ርዕሱ ላይ «ዛሬ ምን ሰራሁ» ቢልም ይታይለታል። ትንሽ ቻናል ላይ ግን ይህ አይሰራም። ስለዚህ ከአስሩ ውስጥ ትንሽ ቻናል ፈልጊ። ግቢና ቪዲዮዎቹን በተወዳጅነት ደርድሪያቸው። እንበል ቻናሉ ሁለት ሺ ሰብስክራይበር አለው፣ ብዙዎቹ ቪዲዮዎቹ ሰባትና ስምንት መቶ ጊዜ ነው የታዩት፣ ያ የአሳ ዱለቱ ብቻ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ሃያ አምስት ሺ ደርሷል። ይህ ልዩነት ከሰብስክራይበሩ አልመጣም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ቀስ በቀስ እየፈለገው እየገባ ነው ማለት ይመስላል። አስተያየቶቹን ክፈቺ። ከተለቀቀ ከዓመት በኋላም «ዛሬ ሰራሁት» የሚል ሰው ካለ ግምትሽ ተጠናከረ። አስተያየቱ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ካለቀ ግን እይታው ከፍለጋ ሳይሆን ከሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ቴሌግራም ላይ ከተለቀቀ ሊንክ ወይም ከመነሻ ገጹ መጥቶ ሊሆን ይችላል።

ሦስቱን ሐረጎች በዚህ ዓይን ስታያቸው ምን ሊገጥምሽ እንደሚችል ልንገርሽ። ቁጥሮቹን ለማሳያ ነው የምጠቀምባቸው፣ ያንቺን ከስክሪንሽ ውሰጂ።

«የአሳ አሰራር» ላይ እንበል አስሩም ትልልቅ ቻናሎች ናቸው። ርዕሳቸው በትክክል ይገጥማል፣ ቪዲዮውም ጥሩ ነው። ጥብሱም፣ ጉላሹም፣ ወጡም ተደባልቆ ነው የሚወጣው። ትንሽ ቻናል የለም። እዚህ ቦታ ላይ ፍላጎት አለ፣ መግቢያ ግን የለም። በዚያ ላይ ሰዉ የሚፈልገው አንድ ዓይነት አይደለም። ተዪው።

«የቆሮሶ ዱለት» ላይ ጥቆማ የለም እንበል። ውጤቱ ውስጥ ስለ ዱለት አንድ፣ ስለ አሳ ማጥመድ ሦስት፣ የቀረው ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ተወዳዳሪ የለም!» ብሎ ይደሰታል። ግን ተወዳዳሪ የሌለው ፈላጊም ስለሌለ ሊሆን ይችላል። እንዴት ትለያለሽ? ከሐረጉ ጋር የሚቀራረብ ርዕስ ያለው ትንሽ ቻናል ፈልጊ። ከወትሮው የበለጠ ታይቶለት ከሆነ ፈላጊ አለ። እሱም እንደሌሎቹ ቪዲዮዎቹ ከቀረ፣ ወይም ጭራሽ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ካጣሽ፣ ቃሉ ሞቷል ብለሽ ያዢው። እዚህ ላይ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቆሮሶና አምባዛን ለይቶ የሚጠራው ሀይቅ ዳር ያደገ ሰው ነው። አዲስ አበባ ያለው ገዢ አሳውን ተጸድቶና ተቆራርጦ ነው የሚያገኘው፣ ቢበዛ ፊሌቶ ይለዋል። አንቺ የምታውቂውን ስም ሳይሆን ፈላጊው የሚያውቀውን ነው ርዕሱ ላይ የምታስቀምጪው። ቆሮሶ መሆኑን ቪዲዮው ውስጥና ዲስክሪፕሽኑ ላይ ንገሪያቸው፣ በጣም ጠቃሚ መረጃ ነው።

«የአሳ ዱለት አሰራር» ላይስ? እንበል ከአስሩ አራቱ በትክክል የአሳ ዱለት ናቸው። ሦስቱ የበግና የበሬ ዱለት ናቸው፣ ዩቲዩብ የሚሞላው አጥቶ ያመጣቸው። ሁለቱ የአሳ ጉላሽ ናቸው። አንዱ ሬስቶራንት ውስጥ የተቀረጸ ነው፣ አሰራር የለውም። ከአራቱ አንዱ ከላይ ያልኩሽ ትንሽ ቻናል ነው። ይህ ነው የምፈልገው ምስል! ፈላጊ እንዳለ ትንሹ ቻናል መስክሯል። ቦታ እንዳለ ደግሞ ከአስሩ ስድስቱ ጥያቄውን አለመመለሳቸው ይነግርሻል።

አሁን አራቱን ቪዲዮዎች ተቀምጠሽ እያቸው። ይህን ሰው አይሰራውም፣ ርዕሱን ብቻ አይቶ ያልፋል። አስተያየቶቹ ላይ በተደጋጋሚ የሚጠየቀውን ለቅሚ። አሳ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሽታው ነው፣ ቀጥሎ እሾኩ ነው። እንበል ከአራቱ አንዱም አሳውን ከማጠብ አልጀመረም። ሁሉም የተዘጋጀ ሥጋ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አስቀምጠው ነው የሚጀምሩት። አንቺ ደግሞ ያለሽው ሀዋሳ ነው፣ ሙሉ አሳ ከሀይቁ እንደወጣ ታገኛለሽ። ቅርፊቱን ስታነሺ፣ እሾኩን ስትለዪ፣ በሎሚና በጨው ስታጥቢ ማሳየት ትችያለሽ። አብልጠሽ የምትሰጪው ነገር እሱ ነው። ኪወርዱ ሰዉን ያመጣልሻል፣ ይህ ደግሞ ከአራቱ ለይቶ አንቺን እንዲነካ ያደርገዋል። ሁለቱን አትቀላቅያቸው፣ ርዕሱ ላይም የየራሳቸው ቦታ አላቸው።

ወደ ፊደሉ ልምጣ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች የማያነሱት የኛ ጣጣ ነው። አሳን ሰው በስንት ይጽፈዋል? አሳ፣ ዓሳ፣ ዓሣ፣ አሣ። አሰራርም አሰራርና አሠራር ነው። ሀዋሳም ሀዋሳ፣ ሃዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ እየተባለ ይጻፋል። እያንዳንዱን አጻጻፍ ለየብቻ ፈልጊና ሁለት ነገር እዪ። ጥቆማ የሚመጣው በየትኛው ነው? ውጤቶቹስ ተመሳሳይ ናቸው ወይ? ውጤቱ አንድ ዓይነት ከሆነ አትጨነቂ። ከተለያየ ጥቆማው ያሳየሽን አጻጻፍ ርዕሱ ላይ አድርጊ። ትክክለኛው ሆሄ የቱ ነው የሚለውን ክርክር ለጊዜው ተዪው፣ ርዕሱ ፈላጊው እንደሚጽፈው ይጻፍ። የቀሩትን አጻጻፎች ታግ ውስጥ አስገቢ። ታግ ይጠቅማል ያልኩት እዚህ ጋ ነው፣ ስድስት ሰባት ታግ ይበቃል።

በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ነው። ስልኩ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ የሌለው አለ፣ ውጭ አገር ያለውም አለ። ስለዚህ `asa dulet` እና `asa dulet aserar` ብለሽ ጥቆማውን እዪ። ከግዕዙ ይልቅ በላቲኑ ብዙ ጥቆማ ከመጣ `asa dulet` የሚለውን ርዕሱ መጨረሻ ላይ ጨምሪ። ካልመጣ ታግ ላይና ዲስክሪፕሽኑ ውስጥ አንዴ መጥቀስ ይበቃል። `Ethiopian fish recipe` ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን የሚጽፈው አማርኛ የማይሰማ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ቪዲዮሽ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ገብቶ ይወጣል። አታስገቢው።

ርዕሱን እንዲህ አድርጊው፦ «የአሳ ዱለት አሰራር | ሽታውን የሚያጠፋ አስተጣጠብ»። ሐረጉ ከፊት ነው፣ ሳይቆራረጥ። ዩቲዩብ ለርዕስ እስከ 100 ፊደል ይፈቅዳል፣ ስልክ ላይ ግን ረጅም ርዕስ መጨረሻው ይቆረጣል፣ ስለዚህ ከኋላ ያስቀመጥሽው ቃል ላይታይ ይችላል። ሁለተኛው ክፍል ከሌሎቹ የምትለዪበት ነው። አሁን ያለው ቪዲዮሽ አስተጣጠቡን ካላሳየ ግን ይህን አትጻፊ! ርዕሱ ላይ ቃል ገብቶ ቪዲዮው ውስጥ ማጣት ሰዉን ያስቆጣል፣ አሳሳች ርዕስም በዩቲዩብ የተከለከለ ነው። ያኔ ቪዲዮው ውስጥ ያለውን ጻፊ፣ ለምሳሌ «የአሳ ዱለት አሰራር | በዘይት ብቻ»። «እጅ የሚያስቆረጥም»ን ከወደድሽው የቪዲዮው ሽፋን ምስል፣ ማለትም ተምኔሉ ላይ አድርጊው፣ እዚያ ያምራል። ምግቡን በስሙ መጥራትም እንዳትረሺ፣ መግቢያው ላይ «ዛሬ የአሳ ዱለት ነው የምንሰራው» በዪና ወዲያው ወደ ሥራው ግቢ።

«የጾም» የሚለውን ስለመጨመር ብትጠይቂኝ፣ ጥቆማው ላይ «የጾም አሳ» የሚል ከመጣ ያጓጓል። በጾም አሳ የሚበላም የማይበላም ስላለ አስተያየት መስጫው ክርክር ሊሞላው ይችላል፣ ያንን አስቢበት። ደግሞም እንዲህ ያለ ፍለጋ ጾም ሲመጣ ከፍ ጾም ሲወጣ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። እኔ አመቱን ሙሉ የሚሰራውን ሐረግ ከፊት አደርጋለሁ። ጾምን ለይተሽ ልትሰሪበት ከፈለግሽ ራሱን የቻለ ቪዲዮ ይሁን።

ቪድአይኪውና ቲዩብባዲ የሚባሉት የኪወርድ መመዘኛ መሳሪያዎች የሚሰጡትን ነጥብ አይተሽ ልትወስኚ ካሰብሽ ቆይ። የሚያሳዩት ቁጥር ግምት ነው፣ መረጃው ቀጭን በሆነበት ቋንቋ ላይ ደግሞ ግምቱ ይላላል። ጎግል ትሬንድስም የዩቲዩብ ፍለጋን ለብቻው የሚያሳይ ምርጫ አለው፣ ለ«ዱለት» አንድ ነገር ሊያሳይሽ ይችላል፣ ለ«የአሳ ዱለት አሰራር» ግን በቂ መረጃ የለም ሊልሽ ይችላል። ያ ማለት ሐረጉ አይፈለግም ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት አረጋግጪ። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ አናሊቲክስ ገብተሽ ተመልካች ከየት እንደሚመጣልሽ የሚያሳየውን ክፍል ክፈቺ። ሌሎቹ የምግብ ቪዲዮዎችሽ ላይ ከዩቲዩብ ፍለጋ የሚገባው ድርሻ ትንሽ ሆኖ ከመነሻ ገጹና ከጎን ከሚጠቆሙት የሚመጣው ብዙ ከሆነ፣ ኪወርድ ብቻውን አያድንሽም። ተምኔሉና የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ነው የምትደክሚው። የአሰራር ቪዲዮ ግን በባሕርዩ ሰው ፈልጎት የሚመጣ ነገር ስለሆነ፣ አዲስ ቻናል ላይ ከፍለጋ መጀመሩ ያዋጣል ብዬ አምናለሁ።

ርዕሱን ከቀየርሽ በኋላ አትነካኪው። አንድ ወር ገደማ ስጪው፣ ስቱዲዮው ራሱ በነባሪ የሚያሳየው የ28 ቀን መረጃ ነው። ከዚያ እዚያው ክፍል ውስጥ «YouTube search» የሚለውን ስትነኪው ሰዎች ምን ብለው ጽፈው እንደመጡ ይዘረዝርልሻል። ከጥቆማ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ዝርዝር ነው፣ ምክንያቱም ያንቺን ቪዲዮ ያገኙ ሰዎች የጻፉት ነው። «የአሳ ዱለት» እያሉ እየመጡ ከሆነ ትክክል ነሽ። ያላሰብሽው ሐረግ ከላይ ከመጣ፣ ለምሳሌ «አሳ ዱለት በዘይት»፣ እና ቪዲዮሽ እሱን በደንብ ከመለሰ፣ የርዕሱን ሁለተኛ ክፍል ወደዚያ አዙሪው።

ካልሰራስ? የት ላይ እንደተበላሸ ቁጥሩ ይነግርሻል። ርዕሱና ተምኔሉ ለሰው የታየበት ብዛት፣ ማለትም ኢምፕሬሽኑ፣ ራሱ ትንሽ ከሆነ ዩቲዩብ ከሐረጉ ጋር አላገናኘሽም ወይም ፈላጊው ጥቂት ነው፣ ወረቀትሽ ላይ ወዳለው ሌላ ሐረግ ሂጂ። በደንብ ታይቶ የነካው ሰው ካነሰ ኪወርዱን አትውቀሺው፣ ተምኔሉና የርዕሱ ሁለተኛ ክፍል ናቸው ከሌሎቹ ያነሱት። ነክቶ ገብቶ በሰላሳ ሰከንድ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ መግቢያሽ ረዝሟል ወይም ርዕሱ ያለውን ቪዲዮው አላሳየም። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፣ ርዕስና ተምኔል በአንድ ቀን ከቀየርሽ የቱ እንደሰራ አታውቂም። ሃምሳ ጊዜ ብቻ ታይቶም ፍርድ አትስጪ፣ ያ ምንም አይናገርም።

ውሳኔዬ ይኸው። ቪዲዮውን አታጥፊው፣ እንደገናም አትልቀቂው። ከላይ ያልኩሽን ፍተሻ ዛሬ ማታ አድርጊና ስክሪንሽ ተቃራኒውን ካላሳየሽ በስተቀር «የአሳ ዱለት አሰራር»ን ዋና አድርገሽ ርዕሱን ቀይሪ። ሁለተኛ የአሳ ዱለት ቪዲዮም አሁን አትስሪ፣ ሁለቱ ያንቺው ቪዲዮዎች በአንድ ሐረግ ላይ ሊሻሙ ይችላሉ። የሚቀጥለው ቪዲዮሽ አሳ ማጠብና እሾክ ማውጣት ብቻ ይሁን። አስተያየት ላይ ሰው የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ «የአሳ አስተጣጠብ»ን፣ «የአሳ እሾክ»ን እና «የአሳ ሽታ»ን በዚሁ መንገድ ፈትሺና፣ ሲያልቅ ከዱለቱ ቪዲዮ መጨረሻ ላይ ሊንኩን አስቀምጪ።